ፎቶው የሰው፣ ስድቡ የራሷ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጭልፊት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። እሷም በተጠራችበት ቁጥር የተቆጣች ትመስልና በልቧ ደስ ይላታል። ሥራዋ ሰዎች በስልካቸው ዕቃ የሚሸጡበትና የሚገዙበት አንድ የኢንተርኔት ገበያ ውስጥ ነው። ሻጩ የሶፋውን፣ የፍሪጁን፣ የጫማውን ፎቶ ይለጥፋል፤ ጭልፊት ደግሞ ፎቶው የሻጩ የራሱ ይሁን ወይስ ከሌላ ቦታ የተሰረቀ ትመረምራለች።

ሌላው ሰው ቃል ጽፎ ፎቶ ይፈልጋል፤ እሷ ግን ፎቶ ሰጥታ የፎቶውን አገር ነው የምትፈልገው። ምስሉን ወደ መፈለጊያው ትጭናለች፤ መፈለጊያውም ኢንተርኔት ላይ በይፋ ከሚያውቃቸው ምስሎች ጋር ያስተያይና «እዚህም አለ፣ እዚያም አለ፣ እዚህ ደግሞ የሚመስለው አለ» ብሎ ይደረድርላታል። ብልጥ ሻጭ አይጠፋም። አንዱ ሶፋውን በመስታወት እንደታየ ግራና ቀኙን አዙሮ ይለጥፋል፤ ጭልፊት መልሳ ታዞረዋለች። ሌላው ጠርዙን ቆርጦ ያመጣል፤ እሷ ደግሞ የሶፋውን ትራስ ብቻ ለይታ ትፈልጋለች። አንዱ መፈለጊያ ባዶ እጇን ከመለሳት ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያልና።

አንድ ጊዜ «ልጆቼ ያደጉበት አልጋ» ብሎ የለጠፈ ሰው ነበር። ስትፈልገው አልጋው የአንድ ሩቅ አገር ሆቴል ሆኖ ተገኘ፤ በመስኮቱም ባሕር ይታያል። ደወለችለትና፣ «ጌታዬ፣ ባሕሩም አብሮ ይሸጣል?» አለችው። ሰውየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው፤ ቢሮው ግን በዚህ ሲስቅ ከረመ።

ይህ ሁሉ ዝና ታዲያ የቤቷን ደጃፍ አያልፍም። ቤት ውስጥ ያለችው እቴቴ ናት።

እቴቴ የጭልፊት አክስት ናት፤ የእናቷ ታላቅ። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» የሚላት፣ የግማሹን ሰፈር የመጀመሪያ ጩኸት የሰማች ሴት ናት። «ግፊ! ግፊ አልኩሽ!» ስትል የኖረ አንደበት ጡረታ ሲወጣ ዝም አይልም። የምታዘው ሰው ስታጣ ወደ አበባ ዞረች። በረንዳው፣ መስኮቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጠርዝ ሳይቀር በተክል ተሞላ። ቀጥሎም ስልኳ ላይ ካሉት ግሩፖች የቤት ውስጥ ተክል የሚያሳድጉ ሰዎች የሚመካከሩበት አንዱ ውስጥ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ የግሩፑ ሐኪምም፣ ዳኛም፣ ፖሊስም ሆነች።

ከዕለታት አንድ ቀን ራሱን «ቁልቋል» ብሎ የሰየመ ሰው ቅጠሉ የቢጫ መልክ ያወጣ ተክል ፎቶ ለጠፈና፣ «ምን ነክቶብኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። እቴቴ አፈሩን አየች። ጭቃ ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣» ብላ ጻፈች፣ «እርስዎ የሚያረቡት ተክል ነው ወይስ ዓሣ?»

ሰውየውም መለሰ። «ሲስተር፣ ጥፋቴ ገብቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ የውኃ ዋናውን አስቁሜዋለሁ።»

እቴቴ ብቻዋን ሳቀች። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። በግሩፑ የነበረው ወሬ ወደ ግል መጣ፤ ከተክሉ ወደ ደም ግፊቱ፣ ከደም ግፊቱ ወደ ሟች ሚስቱ፣ ከዚያ ወደ እሷ ሟች ባል ተሻገረ። ቁልቋል ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። «ሰው ሳወጣና ሳወርድ ኖሬ እኔ ያው ምድር ቤት ቀረሁ» ብሎ ጽፎላት፣ እሷም «ጨው ቢቀንሱ ደረጃውን በእግርዎ ይወጡት ነበር» ብላዋለች።

ጭልፊት አክስቷ ስልኳን እያየች ስትሽኮረመም ከአንዴም ሁለቴ ያዘቻት።

«ምንድን ነው እቴቴ?»

«ምንም። ቁልቋል ነው።»

«ቁልቋል ያስቃል እንዴ?»

እቴቴ መደበቅ አትችልበትም፤ የሰውየውን ፎቶ ከፍታ አሳየቻት። ሸበቶ ፂሙ የተስተካከለ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ መስኮት አጠገብ ቆሞ ለስለስ ያለ ፈገግታ የሚያሳይ መልከ መልካም ሰው ነበር። ብርሃኑ ደግሞ ተለክቶ የተሰጠው ይመስል በግማሽ ፊቱ ላይ ዐርፏል።

ጭልፊት ነገሩ ሸተታት። ይህ ፎቶ ሊፍት ጠጋኝ በልጁ ስልክ የሚነሣው ፎቶ አይደለም። እቴቴ ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ስትወጣ ጠብቃ የስክሪኑን ምስል ያዘች፤ ሰዓቱንና ባትሪውን ቆርጣ ፊቱንና መስኮቱን ብቻ አስቀረችና ወደ መፈለጊያው ጫነችው።

መፈለጊያው ቁልቋልን አወቀው። እንዴት አያውቀው! አንድ ቦታ ላይ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ሌላ ቦታ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያጣብቅ ሙጫ ይዞ ይስቃል። በብዙ ፋርማሲዎች ገጽ ላይ «ዳግመኛ የልጅ ልጄን ድምፅ ሰማሁ!» እያለ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ያስተዋውቃል። ሚስቱ የሞተችበትና በሰላም ማስከበር ላይ ያለ ጄኔራልም ነው። የመጨረሻው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰዎች «ተጠንቀቁ! በዚህ ፎቶ አጭበርባሪዎች ይነግዱበታል» ብለው የለጠፉበት ገጽ።

ጭልፊት እጆቿን አፋተገች። ማዘን ሲገባት ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን በኋላ ራሷም አምናለች። ሁሉንም አትማ ወረቀቶቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው።

እቴቴ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየች። ሐኪሙን አየች። ጥርሱን አየች። ጄኔራሉ ላይ ቆየት አለች።

«መለዮው አምሮበታል፣» አለች።

«እቴቴ! መለዮው ላይ ጭንቅላቱን ቀጥለውበት ነው! አልገባሽም? ይህ ሰው የለም። ፎቶው የተሰረቀ ነው። የሚጽፍልሽ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።»

«ምን ጠየቀኝ? ምንም። የሚጠይቀኝ ስለ አፈር ነው።»

«መጀመሪያ አፈር ነው፤ በኋላ ይመጣል!»

«ስድስት ሺህ ሕፃን የተቀበልኩ ሴትዮ ነኝ፤ ውሸት የሚያምጥ ሰው ሳይ አላውቅም?»

«እሺ፣ እንፈትነው። ማንኪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልሽ። ከኢንተርኔት የሰረቀው ከሆነ እንደዚያ ያለ ፎቶ ከየት ያመጣል?»

«እኔ! ጡረታ የወጣሁ ሰው! ማንኪያ ጆሮህ ላይ ሰካ ልለው?»

«እንግዲያው በቪዲዮ ደውዪለት።»

በዚህ ጊዜ እቴቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ቪዲዮ አይሆንም! ቪዲዮ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳልሰማ!» አለችና ወረቀቶቹን ሰብስባ የአበባ ማስቀመጫዎቹ ሥር አነጠፈቻቸው። ጄኔራሉም ሐኪሙም የሚንጠባጠብ ውኃ ሲቀበሉ ሰነበቱ። ጭልፊት አክስቷ ዐይን አፋር ስለሆነች መሰላት።

በማግሥቱ ጭልፊት እንዳኮረፈች ቢሮ ስትገባ አሳንሰሩ ውስጥ ወንበር ተሰንቅሮ አገኘች። ሁለት ተሸካሚዎች ከአንዱ ጎን፣ አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ከሌላው ጎን ሆነው ይጎትቱታል። ሴትየዋ የቤት ዕቃ ሱቅ ባለቤት ናት፤ የዚያን ሰሞን ጭልፊት «የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፈሻል» ብላ ሱቋን ከገበያው ላይ ዘግታባታለች። ወንበሩን የሠራው የሴትየዋ ባል ነው፤ የወንበሩ ፎቶ ግን በየሱቁ ገጽ ተበትኖ ተገኝቶ ነበር።

«ማን ናት ጭልፊት የምትባለው?» አለች ሴትየዋ፣ ወንበሩን አዳራሹ መሐል አስቀምጣ። «ነይ ተቀመጪበት!»

«እመቤት፣ ፎቶው ሌላ ሰባት ቦታ...»

«ሰባት ሌባ ቢሰርቀኝ ሌባዋ እኔ ነኝ? መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ! እነሱ ከእኔ ወሰዱት! አንቺ "ፎቶው ብዙ ቦታ አለ" አልሽ፤ ማን ከማን ወሰደ ብለሽ ግን አልጠየቅሽም!» ስልኳን አውጥታ የጭልፊት አፍንጫ ሥር ያዘችው። ስልኩ ላይ ዋናው ፎቶ አለ፤ ትልቅና ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ያልተቆረጠ። ሌሎቹ ቦታዎች ላይ በማይታየው በግራ ጥግ የሴትየዋ ባል መዶሻ ይዞ አጎንብሷል። ከኋላው የሚታየው ደግሞ የራሷ ሱቅ በር ነው።

አለቃው ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ምቹ ነበር። ሴትየዋ ይቅርታ ተጠይቃ፣ ሱቋ ተከፍቶላት፣ ወንበሯን ይዛ በደረጃ ወረደች።

ጭልፊት የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ብዙ ሳትሠራ ተቀመጠች። ፎቶ ብዙ ቦታ መገኘቱ ብዙ ቦታ መገኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ባለቤቱን አይናገርም። ይህን እሷም ድሮ ታውቀዋለች፤ ሥራ ስትጀምር የተማረችው የመጀመሪያው ነገር ነው። ባሕሩ አብሮ የተሸጠ ዕለት ረስታው ይሆናል።

ቁልቋልን እንደገና አወጣችው። አሁን የፈለገችው ስንት ቦታ እንዳለ ሳይሆን ሰፊውን ነው፤ ያልተቆረጠውን፣ ትልቁን፣ ቀደም ብሎ የወጣውን። ቀኑን ብቻ እንዳታምን ተጠነቀቀች፤ መፈለጊያው የሚያሳየው ምስሉን መጀመሪያ ያየበትን ጊዜ እንጂ የተነሣበትን አይደለምና። ብዙ ገጾች ከገላለጠች በኋላ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ለማንም በነፃ የሚያካፍሉበት አንድ ድረ ገጽ ላይ አገኘችው። ርእሱ «አጎቴ በመስኮቱ አጠገብ» ይላል። ፎቶው ከሌሎቹ ሁሉ ይሰፋል። በቀኝ በኩል፣ ሐኪሙም ጄኔራሉም ላይ ተቆርጦ የቀረው የመስኮት ጠርዝ ላይ፣ አፉ የተሸረፈ አረንጓዴ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ቁልቋል ተተክላለች።

ጭልፊት እጇ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ ጣለች። ወደ ተክል ግሩፑ ገባችና የሰውየውን የቆዩ ፎቶዎች ወደ ኋላ መለሰች። ያው አረንጓዴ ማንቆርቆሪያ፣ ያው ሽራፊ። ቁልቋሏ ግን አድጋ ክንድ አክላለች። ፎቶውን መፈለጊያው ላይ ብትጭነው ሌላ ቦታ አልተገኘም። አለመገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መፈለጊያው ያላየው ፎቶ በየሰው ስልክ ውስጥ ሞልቷል። ግን ፎቶ የሚሰርቅ ሰው የተሸረፈ ማንቆርቆሪያ ከየት አምጥቶ ቁልቋል ያሳድግበታል?

ቤት ገብታ የሆነውን ተናገረች። እቴቴ ያልደነቃት መሰለች። «አላልኩሽም?» ብቻ አለችና ያጠጣቻቸውን አበባዎች እንደገና ታጠጣ ጀመር።  ከዚያም፣ «ሻይ እንጠጣ ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ፣» አለች፣ ልክ ጥርሷን ለማስነቀል ቀጠሮ እንደያዘች።

ጭልፊት ላለመሄድ ቃል ገባች። ሄደችም። ፍርሃቷ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ደግሞም ጭልፊት ናት። ቀጠሮው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚበዛበት አንድ ሻይ ቤት ነበር። ምሰሶ ተከልላ ጥግ ያዘች። እቴቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ለቀብርም ለሠርግም የምትለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሳ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

ከጭልፊት አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ደግሞ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ስልካቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በማጉያ መነጽር ስክሪኑን ያያሉ፤ ከዚያ ሻይ ቤቱን ያያሉ፤ ከዚያ ደግሞ ስክሪኑን።

«ሰው እየጠበቁ ነው፣ እማማ?» አለች ጭልፊት።

«ሌባ ነው የምጠብቀው፣» አሉ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሜን ልታጭበረብር የመጣች ሴት አለች። ሞኝ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞኝ ነው። አቃቤ ሕግ ይለኛል፤ ግድ የለም ይበለኝ። እኔ ሰው የተጠቀመበትን ፍሪጅ ልገዛ ስል ነው ይህን የፎቶ ፍለጋ የተማርኩት፤ አሁን ከእኔ የሚያመልጥ የለም። እዪአት እስቲ፣ ይቺን ጉድ።»

ስልኩን አዞሩላት። አንዲት ፀጉሯ እንደ ብር የሚያበራ፣ ጉንጯ የተሰረጎደ፣ ጽጌረዳ መሐል የቆመች ሴት ትስቃለች። ከሥሯ ያቺው ሴት የፀጉር ቀለም ካርቶን ላይ፣ ያቺው ሴት የአበባ ዘር ፓኬት ላይ፣ ያቺው ሴት የሽማግሌዎች መዋኛ ማስታወቂያ ላይ።

«ቆንጆ ናት፣» አለች ጭልፊት። «ማን ነኝ ትላለች?»

«ሲስተር።»

ጭልፊትን ሻይዋ ትን አላት። አሮጊቷ ጀርባዋን መቱላት፤ በደንብ ነው የመቱላት። ጭልፊት በራሷ ስልክ ላይ ለአክስቷ ቁጥር ራሷ ያነሣቻትን ፎቶ ከዓመታት በፊት ስላስቀመጠች፣ ስልኳ ሁልጊዜ ያንኑ ነበር የሚያሳያት። የዓለምን ሶፋ ሁሉ ስትመረምር የገዛ አክስቷን ፎቶ አንድ ቀን ጫን አድርጋ አላየችም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነው።

«እማማ፣» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ወንድምዎ... ሊፍት ጠጋኝ ናቸው?»

አሮጊቷ ማጉያቸውን አነሡ። «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?»

መልስ ሳትሰጥ በሩ ተከፈተና ቁልቋል ገባ። ፂሙ ያው ነው፤ ሹራቡ ያው ነው፤ ፎቶው የደበቀው ቢኖር ቁመቱን ብቻ ነው፤ አጭር ነበር። ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አስተናጋጇ አየችውና በሙሉ ድምጿ፣ «አባባ! እንኳን ደህና መጡ! ሻይ ነው የሚፈልጉት? ሻይ!» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸች።

«እሰማለሁ የኔ ልጅ፣» አለ ቁልቋል በድካም። «ሰው ሁሉ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ይጮህብኛል።»

እቴቴ በመስኮቱ በኩል ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ ላይ የጽጌረዳዋ ሴት ጉንጭ የለም። የእሷ ፊት ነው፤ ሰፊ፣ ቆፍጠን ያለ፣ አንድ የፊት ጥርስ የጎደለው።

«እኔ ነኝ፣» አለች። «ፎቶው የእኔ አይደለም። ቤት ውስጥ ፎቶዬን ብፈልግ፣ ባገኘሁት ሁሉ የሰው ልጅ ታቅፌያለሁ፤ ፊቴ በሕፃን ጭንቅላት ተሸፍኗል። ስልኩ ፎቶ አስገቢ ፎቶ አስገቢ ሲለኝ "ደስ የምትል ሴት" ብዬ ጻፍኩና ካመጣልኝ አንዷን አነሣሁ። ለጌጥ ነበር። ልቀይረው ስል እርስዎ "ፈገግታዎ ያምራል" ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀይራል?»

 አቃቤ ሕግ ስልካቸውን እንደ ማስረጃ ከፍ አድርገው ከምሰሶው ጀርባ ወጡ። ጭልፊትም የምትከለልበት ስላጣች ተከተለቻቸው።

«አላልኩህም?» አሉ አሮጊቷ። «የፀጉር ቀለም ናት!»

«እትዬ፣ ነግረሽኛል፤ ደግመሽ ነግረሽኛል፤ አትመሽም ሰጥተሽኛል፣» አለ ቁልቋል። ወደ እቴቴ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ። «አውቅ ነበር። ፎቶው የሰው እንደሆነ አውቅ ነበር። ስድቡ ግን የራስዎ ነው። "ዓሣ ነው የሚያረቡት" የሚል ሰው ከሌላ ቦታ አይሰረቅም።»

እቴቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። በመጨረሻ፣ «ይቀመጡ እንጂ፤ ግፊት ያለበት ሰው ቆሞ አያወራም፣» አለች።

አራቱም ተቀመጡ። አስተናጋጇ ሻይ ይዛ መጥታ አሁንም ጮኸች፤ ይህን ጊዜ ጭልፊት አላስቻላትም። ስልኳን አውጥታ ለቁልቋል የፋርማሲውን ገጽ አሳየችው። «ዳግመኛ የልጅ ልጄን ድምፅ ሰማሁ!»

ሰውየው ገጹን አተኩሮ አየው። የወንድሙ ልጅ ፎቶ አንሺ መሆኑን፣ አንድ ጠዋት መስኮት አጠገብ አቁሞ እንዳነሣው፣ «ኢንተርኔት ላይ ላድርገው?» ሲለው «አድርገው» ማለቱን አስታወሰ። ማንም በነፃ የሚወስድበት ገበያ ላይ መሆኑን ግን አልጠየቀም። «እና ሰው ሁሉ የሚጮህብኝ...» አለ።

«ማስታወቂያውን አይተው ጆሮዎ የደከመ መስሏቸው ነው፣» አለች ጭልፊት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣» አለች እቴቴ። መጀመሪያ የሳቀው ቁልቋል ራሱ ነው፤ ቀጥሎ አስተናጋጇ። አቃቤ ሕግ ሳቁን ታግለው ታግለው ሻያቸው ውስጥ አስነጠሱ።

ጭልፊት የአጭበርባሪዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ለማመልከትና የመስሚያ ነጋዴዎቹንም ለማነጋገር ቃል ገባች። ቁልቋል በሁሉም ተስማማ፤ የጥርሱ ሙጫ ቶሎ ይጥፋ አለ። ጄኔራሉ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ታላቅ እህቱ ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «እሱ ትንሽ ይቆይ አይባልም?» አለ። አይባልም ተባለ።

ከመለያየታቸው በፊት አቃቤ ሕግ የእቴቴን ፎቶ ላንሣ አሉ። ዘንበል ብሎ ተነሣ፤ ጥጉ ላይ የራሳቸው ጣት አለ፤ እቴቴ አፏን ከፍታ «ቆዩ ገና ነኝ!» እያለች ነው። ቁልቋል ይህ ይሁን አለ። እቴቴም ተቆጥታ፣ ተቃውማ፣ መልሳ አይታ፣ ያንኑ ምሽት የጽጌረዳዋን ሴት አሰናብታ በቦታዋ ራሷን አስቀመጠች።

በማግሥቱ ጠዋት ከተክል ግሩፑ ተባረረች።

«የሲስተር አካውንት ተጠልፏል!» ብሎ ነበር አንዱ። «ፎቶዋን አይታችኋል? እኛ የምናውቃት ሲስተር ይቺ አይደለችም!» ሌላዋ፣ «እኔም ፈርቼ ነበር፤ አስተያየቷ ራሱ ያስፈራል፣» ብላ ጨመረች። የግሩፑ ኃላፊ ለአባላቱ ደኅንነት ሲል አባሯት ኖሯል። ቁልቋል እሷው መሆኗን ሊመሰክር ቢገባ «አንተም የመስሚያ ማስታወቂያ ነህ» ተብሎ አብሮ ተባረረ።

እቴቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «በሰው ፊት ስቀመጥ ሲስተር፣ በራሴ ፊት ስመጣ ሌባ!»

«አሁን ምን አደርግልሽ?» አለች ጭልፊት፤ ሳቋን በእጇ አፍና።

«ተያቸው። ይጠውልጉ!»

ጭልፊትም ተወቻቸው። ቁልቋል ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያውን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ቁልቋሏ ስላደገች ሰፋ ያለ ማስቀመጫ ያስፈልጋታል ብሎ። እቴቴ ሥሯን አይታ ጮኸችበት፤ አፈሩ ደርቋል፣ ይህን ያህል ፈርቶ ውኃ መከልከል ምን ማለት ነው? ሰውየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ ደስ ብሎት ሰማት። እነሱ በረንዳው ላይ አፈር ሲያቦኩ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭልፊት አነሣችው። የግሩፑ ኃላፊ ነበር። የገረጣ፣ ጫፉ የተኮማተረ ቅጠል ፎቶ ልኮ፣ ከሥሩ፣ «በእርግጥ ሲስተር ከሆኑ ይህ ምን እንደነካው ይንገሩኝ» ይላል።

ጭልፊት ስልኩን ወደ በረንዳው ይዛ ወጣች። እቴቴ ጭቃ የነካውን እጇን ከስልኩ አርቃ በመነጽሯ ሥር አየችው።

«ጻፊለት፣» አለች። «"ልጄ፣ ተክሉ ምንም አልሆነም፤ መጋረጃውን ክፈት። ደግሞ ይህን ክፍል ከጠረግህ ስንት ጊዜህ ነው?" በይው።»

ጭልፊት እንዳለችው ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ።

«ይቅርታ ሲስተር። እርስዎ ነዎት።»